አንቀጽ መጥቀስ ጠብ መጫር ነው እንዴ?

የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ሲጠየቅ የሕግ አንቀጽ መጥቀስ በእኛ አገር እንደ ነውር ይቆጠራል። አሠሪው ማመልከቻው ላይ «አንቀጽ 77» የሚል ቃል ሲያይ «ሊከሰኝ ነው» ብሎ ይደመድማል። የሥራ ባልደረባው «ምን አድርገውህ ነው እዚህ የደረስከው?» ይላል። የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው ደግሞ፣ አዋጁን በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ማለቴ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቀጹን አውጪውና እንደገና ጻፊው፤ በመግባባት ይሻላል» ብሎ ይመክራል። የዛሬው ጽሑፌ ጠብ ከዚህ ምክር ጋር ነው። ምክሩ የሽማግሌ ምክር ይመስላል እንጂ ለማንም አይበጅም፤ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። እኛ ሕግን በስሙ የምንጠራው ነገር ከእጅ ሲወጣ ነው። «በሕግ አምላክ!» የምንለው ዱላ ለተነሣበት ሰው ነው። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። እንግዲህ ሕግ በቋንቋችን ውስጥ የጩኸት ቃል ሆኖ ከኖረ፣ «በአዋጁ መሠረት» የሚል ማመልከቻ የደረሰው አለቃ «ማን ዱላ አነሣብሽ?» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል ደግሞ የማመልከቻ ቋንቋችን የልመና ቋንቋ ነው። «በታላቅ ትሕትና»፣ «ችግሬን ተመልክተው»፣ «እንደ ቸርነትዎ»። ሁለት ቋንቋ ብቻ ነው ያለን፤ አንዱ የሚለምን፣ አንዱ የሚጮኽ። በመካከላቸው በተራ ድምፅ የሚናገር ማመልከቻ ብርቅ ነው።

ለቡ ውስጥ፣ ሙዚቃ ቤት አካባቢ፣ ማመልከቻ የሚተይቡ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አሉ። ጎረቤቶቼ መምህር እንደነበርኩ ስለሚያውቁ አስተይበው ሲመለሱ «እስቲ አንዴ ይዩልኝ» ይሉኛል። ከእነዚህ መካከል አንዱን ላንሳ፤ ነገሩን ሁሉ ይዞታልና። ባለጉዳይዋ እዚሁ ሰፈር በአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የተቀጠረችው በጥቅምት 2011 ዓ.ም ነው። በጥቅምት 2016 አምስት ዓመቷን ደፈነች። የዚያን ጊዜ የደረሰላትን ዕረፍት ግን በጥር ጠይቃ «ሥራ በዝቷል፣ ቆይ» ተባለች፤ በሚያዝያ ጠይቃ አሁንም «ቆይ» ተባለች። ሁለቱም ጊዜ የጠየቀችው በአፏ ነበር። በሐምሌ ደሴ ያሉት እናቷ ታመሙና ነገሩ ወደ ወረቀት መጣ።

ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ራሷ የጻፈችው ነው። ከላይ እስከ ታች እናቷ ናቸው፤ የታመሙበት ቀን፣ የሐኪሙ ቃል፣ ሌላ ልጅ እንደሌላቸው። መጨረሻው «ችግሬን ተረድተው የተወሰኑ ቀናት እንዲፈቅዱልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ይላል። ስንት ቀን? ከመቼ እስከ መቼ? የለም። ሁለተኛውን የጻፈላት ሕግ የሚያጠና ወንድሟ ነው። «አሠሪው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 76፣ 77፣ 78 እና 79 የተጣለበትን ግዴታ ባለመወጣቱ» ብሎ ይጀምራል። «ከነሐሴ 6 ጀምሮ ዕረፍት የምወጣ መሆኔን አሳውቃለሁ» ይላል። ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለሥራና ክህሎት ቢሮ» የሚል አለበት።

የመጀመሪያውን እንመልከት። ዋናው ጉድለቱ ትሕትናው አይደለም፤ ትሕትና ማንንም ገድሎ አያውቅም። ጉድለቱ የማያስፈልግ ምክንያት መደርደሩ ነው። የዓመት ዕረፍት በሥራ የተገኘ ነው፤ ሰው ለምን እንደሚያርፍ ማስረዳት የለበትም። ቤቱ ተኝቶ ቢከርምም ዕረፍቱ ዕረፍት ነው። ምክንያት የሚጠይቀው ሌላው ፈቃድ ነው። በአንቀጽ 81 ለሠርግና ለቅርብ ዘመድ ሞት የሚሰጠው የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ አለ፤ እዚያው ላይ ለልዩና ለከባድ ጉዳይ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ የሚሰጥ አለ። ለእነዚህ ምክንያቱን ቀድሞ ማሳወቅና ማስረጃ ሲጠየቁ ማቅረብ ግድ ነው። ልጅቱ እናቷን ማመልከቻው ውስጥ ስታስገባ ሳታውቀው የዓመት ዕረፍቷን ወደ ችግር ፈቃድ ለወጠችው። አሠሪው አሁን የሚመዝነው የቀኑን ቁጥር ሳይሆን የእናቷን ሕመም ክብደት ነው። «ሦስት ቀን አይበቃሽም?» ቢላት ምን ትመልሳለች?

ወደ ወንድሟ ወረቀት ስንመጣ፣ ሰው የሚጮኽበት የመሰለው አንቀጽ ስላለበት አይደለም። መጀመሪያ ነገር፣ አራት አንቀጽ የጠቀሰው ለአንድ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ዋጋ ሲጠየቅ የዋጋ ዝርዝሩን ሙሉውን ቢያነብልህ ዋጋውን የነገረህ አይመስልህም፤ የሚያስፈራራህ ይመስልሃል። ቀጥሎ፣ ግልባጩ። ገና ላልተከለከለ ነገር ለመንግሥት ቢሮ ግልባጭ ማድረግ በአማርኛ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ክስ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ሕጉን መሳቱ ነው። «ከነሐሴ 6 ጀምሮ የምወጣ መሆኔን አሳውቃለሁ» ለማለት የሚያስችል አንቀጽ አዋጁ ውስጥ የለም። እንዲያውም አንድ ሰው ሳይፈቀድለት በዚህ ወረቀት ተማምኖ ቢቀር፣ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መቅረት በዚያው አዋጅ አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ውል ከሚያቋርጡ ምክንያቶች ውስጥ የሚቆጠር መሆኑን ዘግይቶ ይረዳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቀስ እንበል፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። አንቀጽ 77 የሚናገረው ስለ ቀኑ ብዛት ነው። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን፤ ከዚያ በኋላ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት አንድ ቀን። መቼ እንደሚወጣ ግን ምንም አይልም። ስለ ጊዜው የሚናገረው አንቀጽ 78 ነው። እሱ ደግሞ ፕሮግራም ማውጣቱን ለአሠሪው ይሰጥና፣ ፕሮግራሙን ሲያወጣ በተቻለ መጠን ሁለት ነገር እንዲያይ ያዘዋል፤ የሠራተኛውን ፍላጎትና የድርጅቱን ሥራ ሳይቋረጥ መቀጠል። አንቀጽ 79 ስለ መከፋፈልና ስለ ማስተላለፍ ነው። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ዕረፍቱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። የሥራው ሁኔታ ካስገደደ አሠሪው ሊያስተላልፈው ይችላል፤ የተላለፈ ዕረፍት ግን ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም። አንቀጽ 76 ደግሞ ዕረፍቴን ትቻለሁ ብሎ መፈረም ዋጋ እንደሌለው፣ በዕረፍት ፋንታ ገንዘብ መክፈልም በመርህ ክልክል እንደሆነ ይደነግጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «አንቀጽ ልጥቀስ ወይስ አልጥቀስ?» አይደለም። «በእኔና በአለቃዬ መካከል ያልተገለጠው ነገር ምንድነው?» ነው። የቀኑ ብዛት ከሆነ 77ን፤ ጊዜው ከሆነ 78ን፤ «ቆይ» የሚለው ቃል ከሆነ 79ን። አንድ ብቻ። የተቀሩት መሳቢያ ውስጥ ይቆዩ፤ አይበላሹም።

አስልተን እንየው። ልጅቱ አምስት ዓመት ደፍናለች። ለመጀመሪያው ዓመት 16፤ ሦስተኛውን ስትደፍን 17፤ አምስተኛውን ስትደፍን 18። ድርጅቱ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው፤ እሑድ አይቆጠርም። ከሰኞ ነሐሴ 6 ቀን 2016 ብንጀምር ሦስት ሙሉ ሳምንት ይሆንና ቅዳሜ ነሐሴ 25 ያልቃል። ሰኞ ነሐሴ 27 ሥራ ትገባለች። የድርጅቱን ሥራስ? የሰኔ መዝጊያ ሒሳብ በሐምሌ ያልቃል። የነሐሴ ደመወዝ የሚሠራው በወሩ መጨረሻ ነው፤ እሷ ያን ጊዜ ወንበሯ ላይ ናት። ለአዲስ ዓመት ገበያም አትጎድልም። ይህን ካሰብን በኋላ ማመልከቻው እንዲህ ሆኖ ተጻፈ፤

«ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም። ጉዳዩ፦ የዓመት ዕረፍት ስለመጠየቅ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም አምስተኛ የአገልግሎት ዓመቴን አጠናቅቄአለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 77 ሲሰላ የዓመት ዕረፍቴ 18 የሥራ ቀን ነው። ይህንኑ ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም ለመውሰድ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሰኔን ሒሳብ መዝጊያ ከመውጣቴ በፊት አስረክባለሁ። በሌለሁበት የዕለቱን ገቢና ወጪ የገንዘብ ያዧ ትመዘግባለች፤ ተነጋግረናል። ነሐሴ 27 ተመልሼ የወሩን ደመወዝ እሠራለሁ። ጊዜው ለድርጅቱ የማይመች ከሆነ ሌላ ቀን ተነጋግረን እንድንወስን፣ የተወሰነውም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

እስቲ አንባቢ ልብ በል። አንቀጹ አለ፤ ግን የሚሠራው ሥራ የሒሳብ ሥራ ነው። «አሠሪው ግዴታ አለበት» አይልም፤ «ሲሰላ 18 ነው» ይላል። የአረፍተ ነገሩ ባለቤት አሠሪው አይደለም፣ «መብቴ» የሚለው ቃልም አይደለም፤ ዕረፍቱ ነው። ቀጥሎ ያሉት ሦስት አረፍተ ነገሮች አንቀጽ 78ን ቃል በቃል ሳይጠሩት የሚሠሩት ናቸው፤ ሕጉ አሠሪውን «የድርጅትህን ሥራ እይ» ያለውን እሷ ቀድማ አይታለታለች። «ሌላ ቀን ተነጋግረን እንድንወስን» የሚለውም ከመሽኮርመም የመጣ አይደለም፤ ፕሮግራም የማውጣቱ ሥልጣን በሕግ የእሱ ስለሆነ ነው። «በጽሑፍ» የምትለዋ ቃል ግን መቅረት የለባትም። ከጥር እስከ ሐምሌ የተባሉት ሁለት «ቆይ»ዎች የት ናቸው? አየር ላይ። ሁለት ዓመት የሚባለው ገደብ የሚቆጠረው ደግሞ በቀን ነው፤ ቀን የሌለው «ቆይ» አይቆጠርም።

እናትየውስ የት ገቡ? እናትየው በአፍ ተነገሩ። ልጅቱ ወረቀቱን ከማስገባቷ በፊት ባለቤቱ ቢሮ ገብታ «ጋሼ፣ እናቴ ታመውብኛል፤ የዓመት ዕረፍቴን በነሐሴ ልውሰድ ብዬ ነው፤ ማመልከቻውን ለጸሐፊዋ እሰጣለሁ» አለቻቸው። ይሄ ነው የእኛ አገር ወግ፤ ሰው የሰውን ችግር ከሰው አፍ ሊሰማው ይገባል። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ፣ አፍ ላይ ሰውነቱ። ሁለቱን ስናቀያይር ነው ነገር የሚበላሸው፤ ችግራችንን በወረቀት፣ አንቀጹን በአፍ። በስልክ ወይም በኮሪደር ላይ «አዋጁ እኮ እንዲህ ይላል» ከማለት የበለጠ የሚያስቆጣ ነገር የለም፤ ሰውየው ያን ሰዓት አዋጁን ገልጦ ሊያይ አይችልማ።

ታዲያ ምን ሆነ? ጋሼ ወረቀቱን አንብበው «ምንድነው ይሄ አንቀጽ? ፍርድ ቤት ልትወስጂኝ ነው?» አሉ። እሷም «አይ ጋሼ፣ ቀኑን ስቆጥር እንዳልሳሳት ነው፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ» አለቻቸው። መልሱ ተንኮል የለበትም፤ እውነት ነው። የአንቀጹ ሥራ እሱ ነበርና። ጋሼም ቆጥረው 18 መሆኑን አዩ፤ ግን ሦስት ሳምንት በዛባቸው። «ሁለቱን ሳምንት አሁን ውሰጂ፣ የቀረውን በጥር» አሏት። ልብ በሉ፤ ዕረፍትን ለሁለት መክፈል በአንቀጽ 79 የሠራተኛዋ ጥያቄ ሲሆን ነው እንጂ አሠሪው በራሱ የሚያደርገው አይደለም። አንገት ድፍት አድርጋ መውጣትም ሆነ «አይችሉም!» ብላ መጋፈጥ አላስፈለጋትም። እናቷ ለሁለት ሳምንት ከበቋት ለእሷም ይመቻታልና «እሺ፤ እንግዲያውስ እንዲከፈልልኝ የጠየቅሁት እኔ ሆኜ ከታች ልጻፈውና ይፈርሙልኝ» አለች። 12 ቀን ከነሐሴ 6 እስከ 18፤ ቀሪው 6 ቀን በጥር 2017። ጋሼ ፈረሙ፤ ማኅተሙም አረፈ። አንዷ ቅጂ እሷ እጅ ቀረች።

አሁን ወደ መካሪዎቹ ልመለስ። «ያለ አንቀጹስ ይፈቀድላት አልነበረም ወይ?» ይሉኛል። ምናልባት። ግን ስንት ቀን? ያለ አንቀጹ ጋሼ ቀኑን ከራሳቸው ያወጡት ነበር፤ አንድ ሳምንት ሰጥተው ቸርነት ያደረጉ ይመስላቸው ነበር፤ እሷም አመስግና ትወጣ ነበር። የቀሩት 12 ቀኖች ማን ሊያስታውሳቸው ነው? «በመግባባት ይሻላል» የሚለው ምክር ትልቁ ችግሩ ይህ ነው። መግባባት ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲያውቅ ነው። አንዱ ቁጥሩን እያወቀ፣ ሌላው ሳያውቅ የሚደረገው ነገር ሌላ ስም አለው።

አንቀጹን ለመጥቀስ የሚደፍሩትም ቢሆኑ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ትየባ ቤቶች ኮምፒውተር ውስጥ የቆየ ናሙና አይጠፋም፤ ቁጥሩ 377/1996 የሚል ወረቀት ዛሬም አይቼ አውቃለሁ። ያ አዋጅ በ2011 ተሽሯል። ልዩነቱም የስም ብቻ አይደለም። በድሮው አዋጅ የመጀመሪያው ዓመት 14 ቀን ነበር፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ ቀን ይጨምር ነበር። አምስት ዓመት ላይ ሁለቱም 18 ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው በድሮው ሲሰላ 24 ይደርሳል፤ በአሁኑ 21 ነው። የተሻረ አዋጅ ጠቅሶ 24 ቀን የጠየቀ ሰው የሦስት ቀን ስሕተት ብቻ አይደለም የሠራው፤ እውነተኛዎቹን 21 ቀኖችም አጠራጣሪ አደረጋቸው። ደግሞም ይህ አዋጅ ሁሉንም ሠራተኛ አይገዛም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፤ አዋጁ «የሥራ መሪ» የሚላቸውም ከእሱ ውጪ ናቸው። የኅብረት ስምምነት ባለበት ድርጅት የሚሠራ ሰው ደግሞ ስምምነቱ የተሻለ ቀን ሰጥቶት እንደሆነ መጀመሪያ እሱን ይመልከት፤ አለቃው ራሱ የፈረመበትን ወረቀት መጥቀስ አዋጅ ከመጥቀስ ይቀላል።

እርግጥ ነው፣ ቋንቋ ሁሉን አይፈታም። የቱንም ያህል ለዝቦ ቢጻፍለት «አንቀጽ» የሚል ቃል ሲያይ የሚያኮርፍ አለቃ አለ፤ ያኮረፈውን በሌላ ቀን በሌላ ነገር የሚበቀልም አለ። ለእሱ ሲባል አንቀጹን ማውጣት ግን አያድንም፤ ማስረጃውን ማውጣት ነው እንጂ። ያ ለስላሳ ወረቀት፣ ቀን ያለው፣ የመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥር ያለው፣ ሥራውን ማን እንደሚሸፍን የሚናገር፣ ሌላ ቀን ለመነጋገር በሩን ክፍት የተወ ወረቀት፣ ነገሩ ወደ ተቆጣጣሪ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ ከሚጮኸው ወረቀት የበለጠ ይናገራል። ያን ጊዜ ግልባጭም ቦታ አለው፣ «ግዴታ» የሚለው ቃልም ቦታ አለው። አሠሪን መክሰስም ሆነ አቤት ማለት ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በአንቀጽ 26 ጽፎታል። ወንድምየው የጻፈው ወረቀት እንግዲህ ከንቱ አልነበረም፤ ሰዓቱ ገና ነበር።

አለቆችም አንድ ነገር ልብ ብትሉ ደግ ነው። አንቀጽ ጠቅሶ 18 ቀን የጠየቃችሁ ሠራተኛ 19ኛውን ቀን እንደማይጠይቃችሁ ነግሯችኋል። በችግሩ ብዛት የሚጠይቃችሁን ግን ማቆሚያውን አታውቁትም፤ ዛሬ እናት ታመመች፣ ነገ አክስት፣ ከነገ ወዲያ ቤት ማልቀቅ። እናንተም እንደ ዳኛ ተቀምጣችሁ የሰውን መከራ ስትመዝኑ ትውላላችሁ። አንቀጹ ከዚህ ዳኝነት ያወጣችኋል፤ የቀረው መቼ እንደሚሆን መነጋገር ነው።